ድምሩ ገጠመ፣ ደረሰኙ ግን አልገጠመም

ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ማታ፣ ከዚራ ካለው ሱቅ ጓዳ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። ታኅሣሥ ስለሆነ ድሬም ትንሽ በርዳለች፤ ፋኑ እንኳ አልተከፈተም። ላፕቶፔ ላይ የኅዳር ወር የሽያጭ ሪፖርት ተከፍቷል። ከኮምፒውተሩ ጎን የእትዬ ትልቁ መዝገብ አለ።

ሪፖርቱ የወሩን ሽያጭ 2,409,350 ብር ይላል። የእትዬ መዝገብ 2,418,600 ይላል። ልዩነቱ 9,250 ብር ነው። ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሐጂ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው ገጠመ እኮ! የቀረችው የሳሙና ዋጋ ናት» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ሪፖርቱን የሠራሁት እኔ ነኝና፣ «ትንሽ ልዩነት የእጅ ድምር ስሕተት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጨመርኩበት። ያቺን ዐረፍተ ነገር ዛሬም ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች። የራሴን ሥራ ገና ሳልፈትሽ ጥፋቱን ወደ እትዬ ካልኩሌተር ማዞሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ የቤት ዕቃ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል። ባልዲ፣ ጄሪካን፣ ድስት፣ ሰሃን፣ ምንጣፍ። ሁለት ሱቅ አለው። አንዱ ከዚራ፣ ሌላው ከደቻቱ ማዶ መጋላ ነው። የከዚራው ደንበኛ አብዛኛው የቤት ሰው ነው፤ ግማሹን በካሽ፣ ግማሹን በቴሌብር ከፍሎ ይሄዳል። የመጋላው ደንበኛ ነጋዴ ነው። ዕቃ ጭኖ ወደ ጅግጅጋ ይወስድና ገንዘቡን ሸጦ ሲመለስ ያመጣል። ዱቤ ማለት ነው።

እትዬ የሱቆቹ ሒሳብ ያዥ ናት። ዕድሜዋ የእናቴ ቢሆንም አንቺ ነው የምላት። ድሬ ነንና በአንቱታ አንቸገርም። ሁልጊዜ ማታ ከሁለቱም ሱቅ የሚመጡላትን አታችመንቶች፣ ማለትም ሻጮቹ በእጅ የሚጽፏቸውን የሽያጭ ዝርዝር ወረቀቶች፣ በካልኩሌተር ትደምርና መዝገቧ ላይ አንድ መስመር ትጽፋለች። የቀኑ ድምር ብቻ። በሱቅ አትከፍለውም። ሐጂ የፈለገው ደግሞ ክፍፍሉን ነበር፤ የትኛው ሱቅ ምን ያህል እንደሸጠ። ለዚህ ነው እኔን የጠራኝ። ሽያጩ ሁሉ በመመዝገቢያ ፕሮግራም ውስጥ ስለሚገባ፣ ወሩ ሲዘጋ በራሱ ተነሥቶ የየሱቁን ድምር ወደ ኤክሴል የሚያወጣ ሪፖርት ሠራሁለት።

ሪፖርቱ ለከዚራ 1,351,800፣ ለመጋላ 1,057,550 ሰጠ። ሐጂ ይህን ሲያይ ወዲያው አሰበ። ከመጋላ አንድ ሠራተኛ ወደ ከዚራ ይምጣ፣ የሚቀጥለው ጭነትም አብዛኛው ከዚራ ይራገፍ። እጁ ወደ ስልኩ ሄደ።

«ቆይ አቦ» አለች እትዬ። «መጋላ በኅዳር ከከዚራ የበለጠ የአታችመንት ጥራዝ ነው የጨረሰው። እኔው ነኝ አዲስ ጥራዝ የሰጠኋቸው።»

ማስረጃ አይባልም። ብዙ ጥራዝ መጨረስ ብዙ ብር መሸጥ አይደለም። ግን ሪፖርቱን ለማመን የያዝነው ምክንያት አንድ ብቻ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። እሱም ድምሩ ነው። ክፍፍሉን ያመሳከርንበት ነገር አልነበረም። ሐጂን ሁለት ቀን ስጠን አልነው። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ ነበር። የሪፖርቱን ዝርዝር ስክሪን ላይ ከፈትኩና የአታችመንት ጥራዝ አጠገቤ አኖርኩ። ቁጥሩን ስክሪን ላይ አያለሁ፣ ወረቀቱን አያለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ። በአሥር ደቂቃ ዘጠኝ ጨረስኩ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ካርቦኑ የደበዘዘበት ወረቀት ገጠመኝ። ቁጥሩ በደንብ አይነበብም፤ እኔ ግን «3,480 ነው» ብዬ ምልክት ልሰጠው ነበር። ለምን 3,480? ስክሪኑ ላይ ያየሁት እሱን ስለሆነ። ዓይኔ ወረቀቱን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር የሚያነበው። ዘጠኙንም አንዱን እንኳ እንዳልደመርኩ ያኔ ታወቀኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፤ ምልክት ያደረግኩበትን ማለቴ ነው፣ አታችመንቱን አይደለም።

ከእትዬ ጋር እንደገና ስንጀምር ሦስት ነገር ተስማማን።

አንደኛው፣ በእጅ የሚሰላው ከወረቀቱ ብቻ እንዲሆን ነው። ከፕሮግራሙ በወጣ ዝርዝር ላይ በካልኩሌተር መደመር ፕሮግራሙን በራሱ መመርመር ነው። ሻጩ ሲመዘግብ አንድ ነገር ቢሳሳት ዝርዝሩም ያንኑ ስሕተት ይዞ ይወጣል። አታችመንቱ ግን ደንበኛው ፊት በእጅ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛው፣ እትዬ የሪፖርቱን ቁጥር እንዳታይ። እሷ በራሷ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን አታችመንት ብዛት ከዋጋው ታባዛለች፣ ትደምራለች። ከታች የተጻፈውን ጠቅላላ ድምር እንኳ በእጇ ሸፍና ነው የምትሠራው፤ ሻጩም ደምሮ ሊሳሳት ይችላልና። ስትጨርስ ብቻ እንገናኛለን።

ሦስተኛው የኔ ሥራ ነበር። ሪፖርቱ የሚሰጠው ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ለከዚራ፣ አንዱ ለመጋላ። ከአንድ አታችመንት ጋር የሚወዳደር ነገር የለውም። ስለዚህ ወደ ደረሰኝ ዝርዝር መዘርዘር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዳታቤዙን የሚጠይቅ አዲስ ኮድ ይጽፋል። አዲስ ከጻፍኩ ግን የምመረምረው አዲሱን እንጂ ሪፖርቱን አይደለም። ስለዚህ የሪፖርቱን አካል እንዳለ ትቼ የሚሰበስብበትን ብቻ ቀየርኩ፤ ከሱቅ ወደ አታችመንት ቁጥር።

```sql
SELECT s.receipt_no,
       SUM(i.qty * i.price) AS total
FROM sales s
JOIN items i    ON i.sale_id = s.id
JOIN payments p ON p.sale_id = s.id
WHERE s.sold_at BETWEEN '2025-11-10' AND '2025-12-09'
GROUP BY s.receipt_no;
```

(ኅዳር 1 ቀን 2018 በፈረንጅ ኖቬምበር 10 ነው፣ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው።)

ኮድ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ጥፋት ከላይ አይቷቸው ይሆናል። እኔ አላየኋቸውም። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ያሰብኩትን እንጂ የጻፍኩትን አላነብም ነበር።

በኅዳር 1,140 አታችመንት ተቆርጧል። ሁሉንም በእጅ እንሥራ ቢባል ሳምንት ይፈጃል። 40 ለመውሰድ ተስማማን። የትኞቹን የሚለው ላይ ግን ተከራከርን። እኔ ሁሉም በዕጣ ይውጣ አልኩ። እትዬ ሳቀችብኝ። «በዕጣ ከወጣ ተራ ተራው ነው የሚደርስህ። ባልዲ ገዝቶ ከፍሎ የሄደው። እሱንማ ማንም አይሳሳተውም» አለች።

እውነቷን ነው። ግን የእሷም መንገድ ብቻውን አይበቃም። ችግር አለባቸው ብለን የጠረጠርናቸውን ብቻ ከመረጥን፣ ያልጠረጠርነው ቦታ ያለውን ስሕተት መቼም አናገኘውም። በዚያ ላይ ሆን ተብሎ ከተመረጠ ናሙና «ከመቶ ይህን ያህል ተሳስቷል» ብሎ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከፈልነው። 24 በዕጣ፣ 16 በእትዬ ምርጫ። ለዕጣው ከ1 እስከ 1,140 ያሉትን ቁጥሮች በኤክሴል `RANDBETWEEN` አወጣን። ለእሷ ደግሞ «የሚያስቸግሩሽን ዓይነቶች ንገሪኝ» አልኳት። ሳታስብ አራት ጠራችልኝ። ዱቤ፣ ግማሽ ካሽ ግማሽ ቴሌብር፣ ተመላሽ ዕቃ ያለበት፣ ቅናሽ የተደረገበት። ከየዓይነቱ አራት አራት ወሰደች።

የተመረጡትን ከጥራዞቹ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ በአንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ጣሳዋ ኋላ ላይ ዝነኛ ሆነች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ባለበት ሰዓት ሠራችው። 40ው ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደባት። ማታ ተገናኘን። እሷ ቁጥሩን ከደብተሯ ትጠራለች፣ እኔ ከዝርዝሩ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጠሙ። ስድስተኛው የከዚራ ነበር። «4,960» አለች። እኔ ጋ 9,920 ይላል።

«ድገሚው እስቲ።»

ደገመችው። 12 ባልዲ በ145፣ 1,740። 4 ጄሪካን በ230፣ 920። 2 ድስት በ1,150፣ 2,300። ድምሩ 4,960። 9,920 ከየት መጣ? እትዬ ካልኩሌተሯን ሳትነካ «እጥፉ ነው» አለች።

ቀጠልን። ሁለት ተጨማሪ እጥፍ መጣ። ከዚያ አንድ የመጋላ አታችመንት ጠራች፤ እኔ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የለም። ይህ የሚታየው ከወረቀት ወደ ሪፖርት ስትሄድ ብቻ ነው። ከሪፖርቱ ተነሥተን ወረቀት ብንፈልግ ኖሮ፣ የሌለውን መስመር ማን ይጠራው ነበር? ለሙሉነት ያህል በተቃራኒውም አሥር መስመር ከሪፖርቱ ወስደን ወረቀታቸውን ፈለግን፤ ሁሉም ተገኙ። ከአየር የመጣ ሽያጭ አልነበረም።

ስንጨርስ ከ40ው 11 አልገጠሙም። ከእነዚህ አንዱ የእትዬ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በሻጩ ጽሑፍ 7 የነበረውን 1 ብላ አንብባው ነበር። ሁለታችንም ወረቀቱን መብራት ላይ ዘርግተን አየነውና ሪፖርቱ ትክክል እንደሆነ ተስማማን። ይህን የምጽፈው እሷን ለማማት አይደለም። ልዩነት ሲገኝ «እጅ ነው ልክ» ተብሎ አይታለፍም፤ ወደ ወረቀቱ መመለስ አለበት። የቀሩት አሥሩ ግን የሪፖርቱ ናቸው። በዕጣ ከወጡት 24 ውስጥ ሁለት እጥፍና አንድ የጠፋ። ከእትዬ ምርጫ ደግሞ ግማሽ ካሽ ግማሽ ቴሌብር የተከፈለባቸው አራቱም እጥፍ፣ ከአራቱ ዱቤ ሦስቱ የጠፉ። ተመላሾቹና ቅናሾቹ ሁሉ በመጨረሻ ገጠሙ።

ዝርዝሩ በዚህ መልክ ሲደረደር መልሱ ራሱ ተናገረ። የተበላሸው ዕቃው ወይም ዋጋው ላይ አይደለም። አከፋፈሉ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ሽያጭን በሦስት ሰንጠረዥ ነው የሚይዘው። `sales` አታችመንቱን፣ `items` በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች፣ `payments` ክፍያውን። ያቺ 4,960 ብር ሦስት የዕቃ መስመር አላት። ክፍያዋ ግን ሁለት ነው፤ 2,000 በካሽ፣ 2,960 በቴሌብር። ዕቃውንና ክፍያውን በአንድ የሽያጭ ቁጥር ስታጣምራቸው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመራል። ሦስት ዕቃ በሁለት ክፍያ፣ ስድስት መስመር። ባልዲው ሁለቴ፣ ጄሪካኑ ሁለቴ፣ ድስቱ ሁለቴ ይደመራል። በሦስት ጊዜ የተከፈለ ቢሆን ኖሮ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር።

ዱቤው ደግሞ ገና አልተከፈለም። `payments` ውስጥ መስመር የለውም። ተራው `JOIN` ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ጥንድ ያጣው ሽያጭ ከነዕቃው ይወድቃል። ከአራቱ አንዱ ዱቤ የተረፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለዕዳው አንድ ጊዜ የተወሰነ ብር ከፍሎ ነበርና አንድ የክፍያ መስመር አገኘ፤ ልክ አንድ ጊዜ ተቆጠረ። እንዲያው በዕድል።

ከሁሉ የደነቀኝ ይህ ነው። ያው ሰው ቀሪውን በጥር ቢከፍል፣ ሁለተኛ መስመር ይገባለትና የኅዳር ሽያጩ እጥፍ ይሆናል። ማለትም የኅዳር ሪፖርት በታኅሣሥ ሲወጣና በየካቲት ሲወጣ የተለያየ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ወሩ ከተዘጋ በኋላ ማንም ሳይነካው። ሪፖርትህ ያለፈ ወር ቁጥሩን ከቀየረብህ፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግህ እዚያ ጋ ቁም።

ለመሆኑ `payments` እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ምንም። መጀመሪያ ሐጂ ካሽና ቴሌብሩንም ለይልኝ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ተወው ሲለኝ ከላይ ያለውን አምድ አጠፋሁ፣ ማጣመሪያውን ረሳሁት።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠይቀውን እትዬም ጠየቀች። «ይሄ ሁሉ ስሕተት ካለ ድምሩ እንዴት ሊገጥም ቻለ?» ኋላ ቁጥሩን አውጥተን አየነው። በድግግሞሽ የተጨመረው 386,500 ብር ነው። በዱቤ የጠፋው 311,450። አንዱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ታች ይስባል። ሁለቱ ተቃቅፈው ተጠፋፉ። በሱቅ ሲታይ ግን አልተጠፋፉም። ድግግሞሹ አብዛኛው ከዚራ ላይ ነው፤ ከ386,500ው 318,400 የእሱ ነው። የጠፋው ዱቤ ደግሞ አብዛኛው የመጋላ ነው፤ 288,750። አንዱን ሱቅ ያሳበጠውና ሌላውን ያከሳው ያው አንድ መስመር ኮድ ነው። ሐጂ ደግሞ የፈለገው ድምሩን ሳይሆን ክፍፍሉን ነበር።

ጥገናው ቀላል መሰለኝ። ለአፍታ `LEFT JOIN` ላደርገው አስቤ ነበር፤ ዱቤውን ይመልሳልና። ግን የድግግሞሹን ምንም አይነካም፤ እንዲያውም የሚያካክሰው ስለሚጠፋ ድምሩ ወደ 2,720,800 ይዘል ነበር። ሪፖርቱ ክፍያን ስለማያስፈልገው መስመሩን በሙሉ አወጣሁት። እንደገና አስኬድኩት። ሐጂም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።

2,334,300።

«አበላሸኸው እኮ!» አለ ሐጂ። «ትናንት በዘጠኝ ሺህ ነበር የሚለያየው። ዛሬ በሰማንያ ሺህ?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ፤ የምለው አልነበረኝም። አራቱ የካሽና ቴሌብር ደረሰኞች አሁን ልክ ገጥመዋል፣ የጠፉት ዱቤዎችም ተመልሰዋል። ናሙናው በሙሉ ገጥሟል። ድምሩ ግን ራቀ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ጥገናውን ይሰርዛል፤ እኔም እጄ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

እትዬ ትክክለኛውን ልዩነት ንገረኝ አለችኝ። 84,300። ጣቷን በመዝገቡ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረደችው። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቆመች። ኅዳር 30፣ ማክሰኞ፦ 84,300።

አንድ ቀን ሙሉ ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ጥፋቱ `BETWEEN` ላይ ነው። `sold_at` ቀንን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም ይይዛል። `'2025-12-09'` ብለህ ሰዓት ሳትጽፍ ስትቀር፣ ኮምፒውተሩ የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት ብሎ ይረዳዋል። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ 6 ሰዓት። ሱቁ የሚከፈተው ደግሞ ጠዋት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ሽያጭ ሁሉ ከወሰኑ ውጭ ወደቀ። በታኅሣሥም አይቆጠርም ነበር፣ ታኅሣሥ የሚጀምረው ከዲሴምበር 10 ነውና። ከየወሩ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይጠፋ ነበር። እንዲህ አድርጌ አስተካከልኩት፦

```sql
SELECT s.branch,
       SUM(i.qty * i.price) AS total
FROM sales s
JOIN items i ON i.sale_id = s.id
WHERE s.sold_at >= '2025-11-10'
  AND s.sold_at <  '2025-12-10'
GROUP BY s.branch;
```

2,418,600። እስከ መጨረሻዋ ብር።

ናሙናችን ይህን ለምን አላየም? በኅዳር 30 የተቆረጡት 40 አታችመንቶች ናቸው፤ ከ1,140ው ውስጥ። በዕጣ ያወጣናቸው 24ቱ አንዱም እንኳ የዚያን ቀን ያለመሆኑ ዕድል ከመቶ 42 ያህል ነው። ሳንቲም ወርውሮ የመሳት ያህል። የእትዬም 16 የተመረጡት በአከፋፈልና በዓይነት እንጂ በቀን አልነበረም። የወሩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ሆን ብሎ መውሰድ ነበረብን፤ ሪፖርት የሚሳሳትበት ወሰኑ ላይ ነውና። በኢትዮጵያ ወር የሚሠራ ሰው ይህ እጥፍ ይመለከተዋል። ለምሳሌ ጳጉሜን 2019 6 ቀን ስለምትሆን መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ያኔ ኅዳር 1 ኖቬምበር 11 ይሆናል። ቀኑን በእጁ ኮድ ውስጥ የጻፈ ሰው በዚያ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት በየወሩ አንድ ቀን ይዛነፋል።

የድምር ማመሳከሪያውንም አልናቀውም። ሁለተኛውን ጥፋት ያገኘው እሱ ነው። ግን የሠራው የመጀመሪያው ጥፋት ከተወገደ በኋላ ነው። ሦስት ስሕተት ተጠፋፍቶ 9,250 ብር ሲቀር ምንም አልነገረንም።

ከዚያ አዲስ ናሙና አወጣን። በአሮጌዎቹ 40 መድገም አይሆንም። ኮዱን ያስተካከልኩት እነሱን እያየሁ ነው፤ እነሱ ላይ መግጠሙ አይገርምም። አዲሶቹ 30 ነበሩ። 20 በዕጣ፣ አራት ከኅዳር 1፣ አራት ከኅዳር 30፣ ሁለት ደግሞ በሦስት ጊዜ የተከፈሉ ዱቤዎች። እትዬ እንደገና በደብተሯ ሠራችው፣ እኔ እንደገና ስክሪኔን አዞርኩባት። 30ውም ገጠሙ። የፈቀድነው ልዩነት ዜሮ ነበር። ብዛት በዋጋ ማባዛት ብቻ ስለሆነ ሳንቲም የሚዛነፍበት ምክንያት የለም። ቫት የሚለይ ሪፖርት ቢሆን ግን በ1.15 ስናካፍል በየመስመሩ የሚጠጋጋ ሳንቲም ይኖራል፤ ያኔ ስንት ሳንቲም እንደምንፈቅድ አስቀድመን መወሰን ነበረብን። ልዩነቱን ካየን በኋላ ከሆነ ሁሉንም እንፈቅዳለን።

ሐጂ «እንግዲህ መቶ በመቶ ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። በስታቲስቲክስ የታወቀች ቀላል ሕግ አለች። በዕጣ ከወጡ ናሙናዎች አንድም ስሕተት ካልተገኘ፣ 3ን ለናሙናው ብዛት አካፍል። በዕጣ የወጡት 20 ናቸውና 3 ለ20፣ ከመቶ 15። ማለትም እነዚህ 20 ብቻቸውን የሚነግሩን ነገር ትንሽ ነው፤ የስሕተቱ መጠን ከመቶ 15 እንደማይበልጥ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት መናገር ብቻ። ወደ ከመቶ 5 ለማውረድ 60 ያስፈልጋል። ያሳመነን ናሙናው ብቻ አልነበረም። የስሕተቱን ምክንያት አግኝተን ኮዱ ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል፣ ወሰኖቹንና አስቸጋሪዎቹን ለይተን ሞክረናል፣ የቀን ድምሩም ከመዝገቡ ጋር በ30ውም ቀን ተገናዝቧል። ሐጂ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ግን መጋላ ስንት ሆነ?» አለ።

መጋላ 1,324,400። ከዚራ 1,094,200። ተገልብጧል። ሠራተኛው እዚያው መጋላ ቀረ፤ ጭነቱም።

የታኅሣሥን ሪፖርት ስናወጣ ፕሮግራሙ በአዲስ መልክ መጥቶ ነበር። የባንክ ዝውውርም እንደ ክፍያ ዓይነት ተጨምሯል። እኔ ቁጥሩን ለማየት ቸኩዬ ላፕቶፑን ስከፍት እትዬ ክዳኑን በእጇ ገፋ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ከመደርደሪያው የብስኩት ጣሳውን አወረደች። ውስጡ በባንክ የተከፈሉ አምስት አታችመንቶች ቀድመው ገብተዋል። ደብተሯ ላይም ተሰልተው አልቀዋል።

«አሁን ክፈተው» አለችኝ።